ተቀናሹ «ቅድመ ክፍያ» የሚሆነው ለማን ነው?

«ለአቅራቢዎች ከሚፈጸም ክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘው ግብር ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ስለሚታሰብላቸው መጣኔው ከፍ ቢል የሚያጡት ነገር የለም።»

ሰሞኑን መጣኔው ከፍ ይበል ሲባል ኃላፊዎች የደጋገሙት ይህ ማስተባበያ የሚሠራው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ቅድመ ክፍያ የሚባለው ከኋላው ቢያንስ የዚያን ያህል ዕዳ የሚመጣ ሲሆን ነው፤ ዕዳው ካልመጣ ግን ገንዘቡ ወለድ የማይታሰብበት፣ አበዳሪው ሳይጠየቅ የተወሰደበት ብድር ነው።

ችግሩ ተቀናሹ ከሽያጭ፣ የዓመቱ ግብር ደግሞ ከትርፍ መሰላቱ ነው። ተቀናሹ 3 በመቶ፣ የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው እንበል። 3 ለ30 ሲካፈል 10 በመቶ ይመጣል፤ ከሽያጩ ሁሉ የሚቀነስበትና ከሽያጩ ከዚህ በታች የሚያተርፍ አቅራቢ ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን በየዓመቱ ከዕዳው በላይ ይከፍላል። በዓመት 10 ሚሊዮን ሸጦ 400 ሺህ የሚያተርፍ የጅምላ አከፋፋይ ግብሩ 120 ሺህ ነው። ደንበኞቹ በሙሉ ቀናሽ ድርጅቶች ከሆኑ ግን 300 ሺህ ተይዞበታል፤ ይህም የትርፉ ሦስት አራተኛ ነው። «ከዕዳው በላይ የተከፈለው 180 ሺህ ለቀጣዩ ዓመት ይዛወርለታል» ይሉናል። በቀጣዩ ዓመትስ ሌላ 300 ሺህ አይቀነስበትምን? ተመላሽ ካልተደረገለት በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የተጠራቀመው 540 ሺህ ይደርሳል፤ ሰውየው የአንድ ዓመት ትርፉን በሙሉ አበድሮ፣ እቃ ለመግዛት ራሱ በወለድ ይበደራል ማለት ነው።

«ይታሰብለታል» የሚለውም ቢሆን የደረሰኝ ጉዳይ ነው። አቅራቢው በሂሳብ መዝገቡ ገቢ አድርጎ የሚይዘው በእጁ የገባውን 97 ሳይሆን ሙሉውን 100 ነው፤ 3ቱን የሚይዘው ከግብሩ የሚቀናነስ ተሰብሳቢ ሂሳብ አድርጎ ነው። ገዢው የተቀናሽ ደረሰኝ ካልሰጠው ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አሳስቶ ከጻፈበት፣ በ100ው ላይ ግብር ተጠይቆ 3ቱን ማስረዳት ያቅተዋል። ገዢው ቀንሶ ገንዘቡን ለግብር ሰብሳቢው ሳያስገባ ሲቀር ደግሞ በደሉ ይብሳል፤ ሰብሳቢ እንዲሆን የወከለው ሕጉ ሆኖ ሳለ፣ የወኪሉን ጥፋት ለተቀነሰበት ሰው ማሸከም በምን ሚዛን ፍትሕ ይባላል?

ተቀናሹ መዝገብ የማይዙትንና ግብር የማያስታውቁትን ለመያዝ እንደሚረዳ አልክድም። በየዓመቱ ሂሳቡን የሚያሳውቅና በተከታታይ ትርፍ ክፍያ የታየበት አቅራቢ ግን የሚደበቅበት ቦታ የለም። መጣኔውን ከፍ ለማድረግ የቸኮለ ሁሉ ለእንዲህ ያለው አቅራቢ ተቀናሹን የሚያስቀር ወይም የሚያሳንስ ማረጋገጫ መስጠትን፣ ተመላሹንም በቁርጥ ቀን መክፈልን ያስቀድም፤ ቀኑ ካለፈም ከዘገየ ግብር ከፋይ የሚጠይቀውን ያህል ወለድ እርሱም ይክፈል።