ጉራው ምስጋናው ውስጥ ነበር

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ከባንክ ወጥቶ አንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ባለሙያነት ተቀጠረ። ሊንክድኢን ላይ ሊለጥፈው ያሰበውን ጽፎ ላከልኝና «ጉራ ይመስላል እንዴ?» አለኝ።

ይመስላል። ግን እሱ በፈራው ቦታ አይደለም። ሥራ መቀየሩን መናገር ዜና ነው፤ ማንም አይቀየመውም። እኔን የቆረቆረኝ «በታላቅ ትሕትና» ብሎ መጀመሩ ነው። «ከብዙ አመልካቾች መካከል ተመርጬ» የሚለውም አለ። ያልተመረጡትም እኮ እዚያው ሊንክድኢን ላይ ናቸው፤ ያነቡታል።

ምስጋናው ደግሞ ባሰ። 14 ሰው ታግ አድርጓል። ስም ብቻ፤ ምን እንዳደረጉለት አንድ ቃል የለም። ሁለቱ ሥልጠና ላይ አንዴ ያገኛቸው ትልልቅ ኃላፊዎች ናቸው። ይሄ «እነማንን እንደማውቅ እዩልኝ» ነው።

«እውነት ሥራ ያስተማረህ ማነው?» አልኩት። ሳያመነታ የቀድሞ የቅርብ ኃላፊውን ጠራ። ያጫወተኝን እንዲጽፈው ነገርኩት፤ እንዲህ ሆነ፦

«ከሰኞ ጀምሮ አዲስ መሥሪያ ቤት ሒሳብ እየሠራሁ ነው። ባንክ በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ሒሳቤ በ900 ብር አልገጥም አለኝ። ኃላፊዬ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አብረውኝ ቆዩ። ‹ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ቁጥር አገላብጠህ ይሆናል› አሉኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። 5,400ን 4,500 ብዬ መዝግቤ ኖሯል። ዛሬም ሒሳብ እምቢ ሲለኝ መጀመሪያ ለ9 አካፍላለሁ። አመሰግናለሁ።»

ስልክ ላይ ከጽሑፉ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዜናው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀና ታሪኩ ወዲያው ተከተለ። የቀሩት 13 ሰዎችስ? ለሚገባቸው በውስጥ መስመር ለየብቻቸው ጻፈላቸው።

ኃላፊውን ታግ ከማድረጉ በፊት ደውሎ አስፈቀደ። «የደንበኛ ነገር እንዳታነሳ እንጂ ስሜን ጻፈው» አሉት። የባንክ ሰው ናቸው።

የሚለጠፍበትን ጊዜ በተመለከተ፣ የሙከራ ጊዜ እስኪያልቅ ጠብቁ የሚሉ አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይህ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል። ለእኔ በዛ። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከመያዝ በፊት ግን አልለጥፍም። ፕሮፋይል ላይ አዲሱን ሥራ ስታስገቡ ደግሞ Notify network የሚለው ጠፍቶ እንደሆነ እዩት። ካልሆነ ሊንክድኢን የራሱን ደረቅ ማስታወቂያ ቀድሟችሁ ሊያሰራጭ ይችላል።

ወዳጄ ባለፈው ማክሰኞ ለጠፈው። ኃላፊው ከሥር መልስ ጻፉ፦ «የዚያን ማታ የታክሲ ሒሳቤን ግን እስካሁን አልከፈልከኝም።»