ካርታው እስኪፈታ የአልፋሽቃ አራሽ መብት በማን እጅ ነው?

«መሬቱ የኢትዮጵያ ይሁን የሱዳን ገና አልለየለትም። እንግዲህ መጋዘኔ ሲቃጠል፣ ትራክተሬ ሲወሰድ፣ የትኛውን መንግሥት ነው የምከሰው?»

ይህን የጠየቁኝ ከአብደራፊ ማዶ ሰሊጥና ማሽላ ያርሱ የነበሩ፣ ዛሬ አዘዞ ልጃቸው ቤት የተጠጉ አባት ናቸው። ለእሳቸው የምሰጠው መልስ በዚያ ቀን፣ በዚያ ማሳ ላይ ጠመንጃውና ትእዛዙ በእጁ የነበረውን መንግሥት ይክሰሱ የሚል ነው። መሬቱ በመጨረሻ የማንም ቢሆን ይህ መልስ አይለወጥም።

ጎንደር ውስጥ ስለ አልፋሽቃ ወሬ ሲነሣ ነገሩ ወዲያው ወደ ካርታ ይሄዳል። የ1902ቱ የእንግሊዝና የምኒልክ ውል ይነሣል፣ ቀጥሎ ሻለቃ ግዊን በ1903 ያሰመረው ወሰን፣ ከዚያም የ1972ቱ የደብዳቤ ልውውጥ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክርክሩ ለሁለቱ መንግሥታት ቁም ነገር ነው። ንብረቱን ላጣ ሰው ግን የተሳሳተ በር ነው ባይ ነኝ፤ የሰብዓዊ መብት ሕግ ባለ ርስቱ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሥራውን ሊጀምር ይችላልና።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 2 አንድ መንግሥት መብት የሚያከብረው «በግዛቱ ውስጥና በሥልጣኑ ሥር» ላሉ ሰዎች ነው ይላል። የሕግ ተማሪዎቻችን ሥልጣን ሲባል የወረዳና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ክፍፍል ትዝ ይላቸዋል። እዚህ ላይ የሚባለው ሥልጣን ግን ሌላ ነው፦ መንግሥት በአንድ መሬት ወይም በአንድ ሰው ላይ በተግባር ያለው ኃይል ነው። ኃይሉ በሕጋዊ መንገድ መጣ አልመጣ ለውጥ የለውም። እንዲያውም ሕጋዊነትን መለኪያ ብናደርገው ወሰን ጥሶ የገባ ጦር ወሰን በመጣሱ ብቻ ከኃላፊነት ነፃ ይወጣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ይህን ገና በ1981 ዘግቶታል። የኡሩጓይ የደኅንነት ሰዎች ሎፔዝ ቡርጎስ የተባለውን ዜጋቸውን ቦነስ አይረስ ላይ አፍነው ወስደውት ነበር። ኮሚቴው አንድ መንግሥት በራሱ አገር የማይፈቀድለትን በደል በሰው አገር እንዲፈጽም ቃል ኪዳኑ ይፈቅድለታል ብሎ ማሰብ ኅሊና የሚቀበለው አይደለም አለ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ደግሞ «በግዛቱና በሥልጣኑ ሥር» የሚለው ገደብ ጭራሹኑ የለበትም።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ይልቅ የአካባቢያችን አገር ኡጋንዳ በኮንጎ ያደረገችውን መመልከት ይሻላል። የኡጋንዳ ጦር በሁለተኛው የኮንጎ ጦርነት ሰፊ አገር ይዞ ነበር። ኮንጎ በ1999 በዓለም አቀፉ የፍትህ ፍርድ ቤት ከሰሰች፣ ፍርዱ በታኅሣሥ 2005 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወጣ። ፍርድ ቤቱ ጦሩ የረገጠውን ምድር ሁሉ «በቁጥጥር ሥር ነበር» አላለም። የጠየቀው ጦሩ የኮንጎን መንግሥት ሥልጣን በራሱ ሥልጣን ተክቶ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ኢቱሪ በተባለው አካባቢ መልሱ አዎ ሆነ። ኮንጎ ያለውን የኡጋንዳ ጦር ያዝዝ የነበረው ጄኔራል ካዚኒ በሰኔ 1999 «ኪባሊ ኢቱሪ» የሚል አዲስ ክፍለ ሀገር አቋቁሞ አስተዳዳሪ ሾሞለት ነበር። የሰው አገር አስተዳዳሪ በደብዳቤ የሚሾም ጦር እንግዳ ነኝ ሊል አይችልም። ከኢቱሪ ውጭ ግን ጦሩ መኖሩ ብቻ፣ ወይም አማፅያን የያዙት ቦታ መሆኑ ብቻ፣ ለወራሪ ባለሥልጣንነት አልበቃም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ከኢቱሪ ውጭም ቢሆን የኡጋንዳ ወታደሮች በገዛ እጃቸው የፈጸሙት ግድያና ዝርፊያ የኡጋንዳ ኃላፊነት ከመሆን አላመለጠም፤ ፍርድ ቤቱ ቃል ኪዳኑንም የአፍሪካ ቻርተርንም ጠቅሶ ጥሰት አግኝቷል። ቁጥጥሩ የጨመረው ነገር ሌላ ነው። ኢቱሪ ውስጥ ኡጋንዳ ራሷ ያላደረገችውን፣ የአካባቢ ታጣቂዎች እርስ በርስ ያደረሱትን በደል ሳይቀር የመከላከል ግዴታ ነበረባት። ለካሳ ሲደረስ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። በየካቲት 2022 ፍርዱ ሲሰጥ፣ ኢቱሪ ውስጥ የደረሰ ጉዳት በእኔ ቸልተኝነት አልመጣም ብላ ማስረዳት የኡጋንዳ ሸክም ሆነ። የማስረዳት ሸክሙ ከተበዳዩ ትከሻ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ኮንጎ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠይቃ የተፈረደላት 325 ሚሊዮን ነው፤ ከዚህ 225 ሚሊዮኑ በሰው ላይ ለደረሰው፣ 40 ሚሊዮኑ ለንብረት፣ ቀሪው ለተዘረፈ የተፈጥሮ ሀብት። ልዩነቱን ያመጣው ማስረጃ ነው። ኮንጎ ተጎጂዎችን ያስሞላቻቸውን ቅጾች አቅርባ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ደጋፊ ሰነድ አልተያያዘባቸውም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሰው ማስላቱን ትቶ ጠቅላላ ድምር ቆረጠ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በአልፋሽቃ ሲስፋፋ ኢትዮጵያውያን አራሾች ለቀው ወጡ። ከዚያ በፊት በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለቱ መንግሥታት በደረሱበት ስምምነት ሥር የኢትዮጵያ አራሾች በዚያው ሲያርሱ ኖረዋል። ስለዚህ ቁጥጥሩ የማን እንደነበር ለማወቅ አካባቢውን በጥቅሉ «አልፋሽቃ» ብሎ መጥራት አይበቃም። እያንዳንዱ ማሳ በየወሩ መታየት አለበት። ኬላው ላይ ማን ቆሞ ነበር? ሰሊጡን ለማጨድ ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነበር? ግብር የሰበሰበው ማን ነው፣ ደረሰኙስ የማን ማህተም አለበት? ሌባ ቢያዝ የሚወሰደው ወደየትኛው ጣቢያ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች በኢቱሪ የሹመት ደብዳቤው የሠራውን ሥራ ይሠራሉ። አዘዞ ያሉት አባት አሁን በእጃቸው ያለው አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ የትራክተሩ የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት የግዢ ውል። ካርታ ላይ ከሚከራከሩ አሥር ሰዎች ይልቅ ያ ወረቀት ይጠቅማቸዋል፤ አጠገቡ ግን መቼ፣ ከየትኛው ካምፕ፣ ምን ዓይነት የደንብ ልብስ የለበሰ ኃይል እንደወሰደው የሚናገር የሁለት ሳሉጎች፣ ማለትም የወቅት እርሻ ሠራተኞች፣ ቃል መያያዝ አለበት።

ይህ መመዘኛ በእኛም ላይ ይሠራል፤ ጎንደር ላይ ይህን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። መሬቱ ነገ ለሱዳን ቢወሰን፣ የኢትዮጵያ ኃይል በቦታው ቁጥጥር በነበረበት ጊዜ በሱዳናዊ አራሽ ላይ የደረሰ በደል ካለ ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ ነው። ታጣቂው የመንግሥት ወታደር ባይሆንም መንግሥት ቦታውን ተቆጣጥሮ እያለ ዝም ካለ፣ ኢቱሪ ላይ የተባለው እዚህም ይባላል። መሬቱ የእኛ ነው የሚል ወገን ደግሞ ግዴታው በሙሉ የእሱ መሆኑን አብሮ መቀበል አለበት። ይህን ሳይቀበሉ የሌላውን ጦር መክሰስ ባንጁል ባለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ፊት ክብደት አይኖረውም።

መሬት መቆጣጠር የማያስፈልግበት ሌላ በርም አለ፦ ሰውን መቆጣጠር። አንድ የቀን ሠራተኛ ኬላ ላይ ተይዞ ወደ ማዶ ቢወሰድ፣ አካባቢው በማን ቁጥጥር ሥር እንደነበር ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ከተያዘበት ደቂቃ ጀምሮ በያዘው መንግሥት ሥልጣን ሥር ነው። ደካማው ጉዳይ ከሩቅ የተተኮሰ መድፍ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2001 ኔቶ የቤልግሬድ ቴሌቪዥን ጣቢያን በመደብደቡ የቀረበለትን አቤቱታ የሞቱት ሰዎች በደብዳቢዎቹ ሥልጣን ሥር አልነበሩም ብሎ መለሰው። እኔ ያ ውሳኔ ስህተት ነበር ከሚሉት ነኝ፤ መግደል የሚችል ሰውን የመቆጣጠር አቅም የለውም ማለት እንዴት ይሆናል? የአፍሪካ ኮሚሽን ስለ ሕይወት መብት በ2015 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ሕይወት እንደሚያጠፋ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ድርጊትንም ከግዴታው ውስጥ አስገብቶታል። እዚህ ላይ አህጉራችን ከአውሮፓ ቀድማለች።

የት ይቀርባል ለሚለው ምርጫው ጠባብ ነው። ኢትዮጵያም ሱዳንም ግለሰብ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ አቤት እንዲል የሚፈቅደውን ፕሮቶኮል አልተቀበሉም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን ፍርድ ቤት ሥልጣን በመግለጫ አስቀድማ ስላልተቀበለች የኮንጎ መንገድም በቀላሉ አይገኝም። የቀረው ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ ኮሚሽን ነው፤ ሁለቱም አገሮች የቻርተሩ አባል ናቸው። ኮሚሽኑ በ2003 ኮንጎ በቡሩንዲ፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳ ላይ ባቀረበችው አቤቱታ ሦስቱ ጦሮች ምሥራቅ ኮንጎን ይዘው በፈጸሙት የቻርተሩን የንብረት መብት ጭምር ጥሰዋል ብሏል። በዚያ ጉዳይ መጀመሪያ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ይሞከር የሚለውን ቅድመ ሁኔታ የሚሞከር መፍትሔ የለም ብሎ አልፎታል። ከሳሹ መንግሥት ስለነበር ግለሰብ አቤት ሲል ያው ይደገማል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ውስጥ መሆኗ ግን ለዚህ ክርክር ጥሩ መነሻ ነው። የኮሚሽኑ ውሳኔ በፖሊስ የሚፈጸም እንዳልሆነም ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

አስቸኳዩ ነገር ጊዜው ነው። ቻርተሩ አቤቱታ «በተገቢ ጊዜ» ይቅረብ ይላል እንጂ ወር አይቆጥርም፤ ኮሚሽኑ ግን አንድ የዚምባብዌ ዳኛ ከአገር ከወጣ ከ22 ወር በኋላ ያቀረበውን አቤቱታ ዘግይቷል ብሎ መልሶታል። ከአልፋሽቃ ከተወጣ ዓመታት አልፈዋል። ይዞታው ዛሬም ስላልተመለሰ ጥሰቱ ቀጥሏል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የተቃጠለ መጋዘንን በተመለከተ ግን ይህ ክርክር ይከብዳል፣ ቃጠሎው የአንድ ቀን ድርጊት ነውና። ስለዚህ ጎንደር ያለ ጠበቃ አራሾቹን ሰብስቦ ፋይል ሲከፍት መሬቱንና መጋዘኑን በሁለት አቤቱታ ቢለያቸው እመርጣለሁ፤ አንዱ በጊዜ ምክንያት ቢወድቅ ሌላውን ይዞት አይወድቅም።