ኩላሊቱ ነው ወይስ ዱቄቱ?

ጭቅጭቁን ያስነሳችው አንዲት የላብራቶሪ ወረቀት ናት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሰዓት ላይ የምንሰባሰብባት ቡና ቤት አለች። ከመካከላችን ትንሹ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ፣ ወረቀቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። ለአዲስ ሥራ የጤና ምርመራ አድርጎ ነው። ክሬቲኒን 1.4 ይላል። መደበኛው ከ0.7 እስከ 1.3 ነውና ከጎኑ ወደ ላይ የሚያይ ቀስት ተደርጎበታል። ውጤቱን የሰጠው ሰው «ኩላሊትህን ተከታተል» ብሎ ሸኝቶታል፣ በቃ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ጂም ከገባ ወዲህ ክሬቲን የሚባለውን ነጭ ዱቄት በየቀኑ በውሃ በጥብጦ እንደሚጠጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ ምን ብዬ ነበር!» አሉ ባለሱቁ ጋሼ። «ወላሂ ነግሬሃለሁ። መርፌውም ዱቄቱም አንድ ነው፣ መጨረሻው ኩላሊት ነው።» መርፌ ያሉት ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጉትን ሆርሞን፣ ስቴሮይዱን ነው።

የጂሙ አሰልጣኝ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ክሬቲን ሆርሞን አይደለም። ጉበትና ኩላሊትዎ በቀን አንድ ግራም ገደማ ራሳቸው ይሠሩታል። ትናንት ጥብስ በልተው ከሆነ ደግሞ እርስዎም ወስደዋል። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ውስጥ አራት አምስት ግራም አለ።»

«ታዲያ ሥጋውን አይበላም?»

«በየቀኑ አንድ ኪሎ ሥጋ ማን ይገዛለታል? እርስዎ ይገዙለታል?»

ሳቅ ሆነ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ ዓይኑ ወረቀቷ ላይ ነው። እስካሁን ዝም ብሎ ቡናውን ሲጠጣ የነበረው ላብራቶሪ የሚሠራ ወዳጃችን ወረቀቷን ሳብ አደረገና ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው።

እሱ ያለው ይህን ነው። ጡንቻ ውስጥ ያለው ክሬቲን በየቀኑ ጥቂት ጥቂቱ ይፈርሳል፤ ፍራሹ ክሬቲኒን ይባላል፣ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም ክሬቲኒን ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለዚህ ነው እሱን የምንለካው። ችግሩ ቁጥሩ የሚጨምረው በዚህ ብቻ አለመሆኑ ነው። «እንጨት ስትጨምር አመዱም ይበዛል። አመድ በዛ ማለት ጠራጊው ታመመ ማለት አይደለም።» ክሬቲን የሚወስድ ሰው፣ ጡንቻው የዳበረ ሰው፣ ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ብረት ሲያነሳ የዋለ ሰው፣ ማታ የበሰለ ሥጋ በደንብ የበላ ሰው፣ ሁሉም ኩላሊታቸው ደህና ሆኖ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ልጁ ከአራቱ ሦስቱን አሟልቶ ነው ደም የሰጠው።

«ስለዚህ ደህና ነው» አለ አሰልጣኙ፣ አሸነፍኩ በሚል ድምፅ።

«አላልኩም። ወረቀቷ ብቻዋን አትበቃም ነው ያልኩት።»

ከዚያ ለልጁ ዘረዘረለት። ሦስት አራት ሳምንት ዱቄቱን አቁም። ከምርመራው በፊት ሁለት ሦስት ቀን ከባድ ብረት አታንሳ፣ ማታውን ሥጋ አትብላ፣ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ደሙን ድገመው፣ ሽንትህም ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ ይታይ። ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ሌላ የኩላሊት የደም ምርመራ የሚሠራ ቦታ ካገኘህ ደግሞ እሱ ይሻላል፣ ክሬቲን አይነካውም። ዱቄቱን አቁመህም ቁጥሩ ካልወረደ፣ ወይም ሽንትህ ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ፣ ወይም ፊትህና እግርህ ካበጠ፣ ያኔ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

ጋሼ አልተረቱም። «እሺ፣ ጥቅሙስ ምንድን ነው? ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ጣጣ የሚገዛው?»

ይህንን አሰልጣኙ ጥሩ አድርጎ መለሰ፣ እውነቱን ለመናገር። ከባድ ነገር ስታነሳ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች ገደማ ጡንቻህ የሚሠራው ኤቲፒ በሚባለው ነዳጅ ነው፣ እሱ ደግሞ ወዲያው ያልቃል። ቶሎ የሚተካው ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ክሬቲን ነው። ክምችቱ ሲሞላ ስምንቴ ታነሳ የነበረውን ዘጠኝ አሥር ጊዜ ታነሳለህ፤ ጡንቻው የሚያድገው በዚያ ትርፍ ሥራ እንጂ በዱቄቱ አይደለም። ጂም ሳይሄዱ ቢጠጡት ትርጉም የለውም። ጦሳ ተራራን በእግር ለመውጣትም እምብዛም አይረዳም። በቀን ከሦስት እስከ አምስት ግራም በቂ ነው፣ በወር ገደማ ይሞላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሃያ ግራም መጠጣት ቶሎ ይሞላዋል እንጂ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ሆድ ግን ያስቸግራል።

«ልጁ በሦስት ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨምሯል!» ብሎ ጨመረበት።

«አብዛኛው ውሃ ነው» አለ የላብራቶሪው። «ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ውሃ ይዞ ይገባል። ጉዳት የለውም፣ ሥጋ ነው ብለህ ግን አትሽጥለት።»

መሸጥ የሚለው ቃል ነካው መሰለኝ አሰልጣኙ ዝም አለ። ምክንያቱም ለልጁ ሌላም ነገር ሸጦለታል፣ ማስ ጌይነር የሚሉትን ክብደት መጨመሪያ ዱቄት፣ ትልቁን ባልዲ። ልጁ በስልኩ ያነሳውን የጀርባውን ጽሑፍ አሳየን። አንድ መጠን 300 ግራም፣ ፕሮቲኑ 48 ግራም። ፕሮቲኑን ለጠቅላላው ስታካፍለው 16 በመቶ ይመጣል። የቀረው በአብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፣ ከስታርች የሚሠራ፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ስኳር የሚሆን። ደህና የዌይ ፕሮቲን፣ ማለትም ከወተት አጓት ተጣርቶ የደረቀው፣ ከ70 እስከ 80 በመቶው ፕሮቲን ነው። ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ «ስኳር እኔ ሱቅ አለ አይደል?» አሉ።

ከዚያ ልጁ ስንት ያስፈልገዋል ወደሚለው ተገባ። ክብደቱ 62 ኪሎ ነው። ብረት ለሚያነሳ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ይባላል፣ ስለዚህ በቀን 99 ግራም። ሦስት እንቁላል ጠዋት፣ 18። ምሳ ሽሮ በእንጀራ፣ 28 ገደማ። ማታ መቶ ግራም ምስር ከነእንጀራው፣ 36። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 16። ድምሩ 98፣ ያለ ባልዲው።

ልጁ ግን አንድ ነገር አነሳ። «ጾም ሲገባስ?» ልክ ነው፣ እንቁላሉና ወተቱ ሲወጡ 34 ግራም ይጎድላል። ዌዩም ከወተት ነውና አይሆንለትም። ወይ ምስሩንና ሽምብራውን ይጨምራል፣ ወይ የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ያገኛል። ክሬቲኑ ግን በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ ስለሆነ ከእንስሳ አይደለም። እንዲያውም ሥጋ የማይበላ ሰው ክምችቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለውጡ በእሱ ላይ ይበልጥ ይታያል።

ልጁ እንደተባለው አድርጎ ደገመው። 1.1 መጣ፣ ሽንቱም ንጹሕ ነው። ጋሼ «አየህ፣ ስታቆም ወረደ!» አሉ፣ አሰልጣኙም «አየህ፣ ኩላሊቱ ደህና ነበር!» አለ። በአንድ ወረቀት ሁለቱም ድል አደረጉ።

እኔ በክሬቲኑ ጉዳይ ከአሰልጣኙ ጋር ነኝ። ጤነኛ ሰው በቀን የሻይ ማንኪያ ሙሉ ሳይሞላ ሞኖሃይድሬት የሚለውን ተራውን ዓይነት ቢወስድ አያስፈራኝም፤ ስሙን አሳምረው በእጥፍ የሚሸጡት ዓይነቶች ከእሱ አይሻሉም። ኩላሊቱን የታመመ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው። በባልዲው ጉዳይ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው አልነበረም። አሰልጣኝም ሻጭም የሆነ ሰው ሲመክር ከጀርባው የተጻፈውን ራስ አካፍሎ ማየት ይሻላል። ልጁ ክሬቲኑን ተመልሶ ጀምሯል። በሚቀጥለው ምርመራ ደሙን ከመስጠቱ በፊት ክሬቲን እንደሚወስድ ለሐኪሙ ይናገር ብለነዋል፣ ያኔም ዝም ያለው ማንም ስላልጠየቀው ነበር።