ስብከት አሻሽለው ለሚያቀርቡልን ወገኖች ምስጋና

የመጻጉዕ ሰንበት ስብከት አልቆ ጫማችንን እንኳ ሳናጠልቅ ማጠቃለያው በቴሌግራም ደረሰን። ፍጥነቱን አድንቁልኝ። መምህሩ 40 ደቂቃ የደከሙበትን ትምህርት ወንድማችን በጥቂት ነጥቦች ጠቅልሎ፣ ጀርባው ላይ የፀሐይ መውጫ ፎቶ ለጥፎ፣ ከታች የመምህሩን ስም ጽፎ ለቀቀው። እናንተም ግሩፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ባለውለታ አይጠፋም።

መምህሩ የተነሡት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነበር። 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየው ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «ሰው የለኝም» ብሎ መለሰ። መምህሩ እዚህች ቃል ላይ ቆዩ። አምስቱ መመላለሻ በሰው ተሞልቶ ሳለ እንዴት ሰው የለኝም ይላል? ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በእኛ ሰፈርስ ሰው የለኝም የሚል ማን አለ?» አሉና ዝም አሉ። መልስ አልሰጡም። የስብከቱ ልብ ይቺ ጥያቄ ነበረች።

ወንድማችን ግን ጥያቄ ሳይመለስ ማደሩን አልወደደም። እግዜር ይስጠው፣ መለሰልን። «ሰው አትጠብቅ! 38 ዓመት የጠበቀው ምን አተረፈ?» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ነጥብ «ወደ ኋላ ከሚጎትቱህ ሰዎች ራቅ» ይላል። ሦስተኛው «አልጋህን ተሸከም ማለት የራስህን ሥራ ጀምር ማለት ነው» ነው። አልጋው እንዴት ሱቅ እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን አራተኛው ላይ ቁጠባ መጣ። አምስተኛው ላይ መጠመቂያይቱ «ዕድል» ሆነች፣ ቀድሞ የሚወርደውም «ተፎካካሪ»። እንዲህ ያለ አንድ ነጥብ ቢጨመር ኖሮ መጻጉዕ ንግድ ፈቃድ ያወጣ ነበር። ብዙ ሰው የእሳት ምልክት አስቀምጦበታል። መምህሩ ሰው የለኝም የሚል ማን አለ ብለው ጠየቁ፤ ማጠቃለያው ሰው አያስፈልግህም አለን። ያው ነው እንግዲህ፣ ሁለቱም ውስጥ «ሰው» አለ።

ቃናውንም አሻሽሎታል። ያ በለሆሳስ የተጠየቀው ጥያቄ ሦስት ቃለ አጋኖ ይዞ ወጣ። መምህሩ ስለ ስልክ እያሾፉ የተናገሯት የሁለት ደቂቃ ጨዋታም አልቀረችም። የማጠቃለያውን ግማሽ ይዛለች።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ስድስተኛው ነጥብ ግን አያስቅም። «የታመመ ሁሉ ኃጢአት ስለ ሠራ ነው» ይላል፣ በመምህሩ ስም። መምህሩ ይህን ዓረፍተ ነገር በእርግጥ ተናግረዋል። ጌታ የዳነውን ሰው «ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ያለበት ቦታ ሲደርሱ «አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የታመመ ሁሉ ኃጢአት ስለ ሠራ ነው ይላሉ» አሉ። ቀጥለውም ምዕራፍ 9ን ጠቅሰው፣ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታ ምን እንዳለ አስታውሰው፣ አባባሉን አፈረሱት። ወንድማችን «አንዳንዶች ይላሉ» የሚለውን ቆርጦ ጣለ፣ ማፍረሻውንም ተወው፤ የፈረሰውን አንሥቶ ስማቸውን ለጠፈበት። ይህ ማጠቃለል አይደለም፤ በሰው ስም መዋሸት ነው! ያንን ሆስፒታል ተኝታ ያነበበች እናት አለች። ልጇን የምታስታምም አለች። «መምህሩ እንዲህ አሉ» ተብሎ ሲደርሳት ማንን ትጠይቅ? በሰው ቁስል ላይ ጨው ነስንሶ «ሼር አድርጉ» ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ይህን ጥበብ ያልታደሉ ሰዎችም አሉ። አንዲት እኅት ማጠቃለያዋን ልካልኝ አየሁት፤ እንዴት ድርቅ ያለ ነገር መሰላችሁ! መጀመሪያ የተነበበውን ክፍል ጻፈች። ከዚያ መምህሩ ረጅም ጊዜ የቆዩበትን ነገር ረዘም፣ አለፍ ያሉትን አጠር አደረገች። ጥያቄውን ጥያቄ አድርጋ ተወችው። የሌላ ሰው አሳብ ሲመጣ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፣ መምህሩ ግን አይደለም አሉ» ብላ ባለቤቱን ለየች። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህን የት ላይ ነው ያሉት?» ብላ ከቅጂው ጋር አመሳክራ፣ ቦታ ያጣችለትን ሰረዘች። የራሷ አስተያየት የለም። የፀሐይ መውጫም የለም። መምህሩ ቢያነቡት «አዎ፣ ይህን ብያለሁ» ከማለት በቀር የሚጨምሩት ያለ አይመስለኝም። ስንት ሰው ወደደው? እሷና አክስቷ።

የእኛ ወንድም ግን ለመጪው እሑድም ቃል ገብቷል። ደብረ ዘይት ነው፣ የማቴዎስ ምዕራፍ 24። ስለዚያች ቀንና ሰዓት ማንም አያውቅም የሚለው ክፍል ማለት ነው። እንደማውቀው ከሆነ ቅዳሴው ሳያልቅ ቀኑን ከነሰዓቱ ይለጥፍልናል።