ላሟ ከሰማይ እስክትወርድ

ባለፈው ሳምንት ስለ አክስቴ ልጅ ምርቃት የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ መልእክት ገባ። «ለምርቃቷ የግድግዳ ሰዓት ተመርጧል፤ የድርሻችሁን ቶሎ አዋጡ» ይላል። ተመርጧል! ማን እንደመረጠው አይታወቅም። ሰዓቱ እንደ ዝናብ ከላይ ወረደ።

ፎቶውም ተከትሎ መጣ። የሰዓቱ ቁመት ከታናሽ እህቴ ልጅ ይበልጣል። በቁጥሮቹ ቦታ አስራ ሁለት የቤተሰብ ፎቶ ይገባበታል። አክስቴ የተቀመጠችው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሰባት ሰዓት ላይ ነኝ፤ ግማሽ ፊቴን ቆጣሪው ጋርዶታል።

የአክስቴ ልጅ ሥራ የምትጀምረው ማንንም የማታውቅበት ከተማ ነው። የምትሄደው በሁለት ሻንጣ ነው። የምትከራየው አንዲት ክፍል ናት፤ አከራይዋ ደግሞ ግድግዳ ላይ ምስማር እንዳይመታ ገና ቁልፉን ሳያስረክቡ ተናግረዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

ሰዓት መጥፎ ስጦታ ነው አላልኩም። ስጦታ የሚመርጥ ሰው ግን ዓይኑ ተቀባዩ ላይ ሳይሆን ፎቶው ላይ ነው። ፎቶ ላይ ትልቅ ዕቃ ያምራል። ሻንጣ ውስጥ ግን አያምርም። ይሄን የምለው በቅናት አይደለም። በራሴ ምርቃት የደረሰብኝን ስለማውቅ ነው።

እኔ ስመረቅ አጎቴ የእጅ ቦርሳ ሰጡኝ። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ በሦስት ቁጥር የሚቆለፍ፣ ሚኒስትር የሚይዘው ዓይነት። ቤተሰቡ በሙሉ አጨበጨበ። ቤት ገብቼ ልከፍተው ስል ቁጥሩን አልነገሩኝም። ደወልኩ። «ቁጥሩንማ ረስቼዋለሁ ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

ተማርኩ እንግዲህ። ሦስት ቁጥር ማለት ከ000 እስከ 999፣ በድምሩ አንድ ሺህ ሙከራ ነው። አንዱ ሙከራ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉም ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። (ቁልፍ አለው ብላችሁ እንዲህ ዓይነት ቦርሳ የምታምኑ ካላችሁ፣ ይቅርታ።) ከዜሮ ጀምሬ 917 ላይ ተከፈተልኝ። ውስጡ አንድ ካርድ ነበር። «ለተከበሩ ወንድማችን፣ እንኳን ለሹመትዎ አበቃዎት» ይላል። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ነው። አጎቴ የቦርሳውን ቁጥር የረሱት ለካ ከፍተውት ስለማያውቁ ነው! እስከ ዛሬ በተገናኘን ቁጥር «ቦርሳው እንዴት ነው?» ይሉኛል። ደህና ነው እላቸዋለሁ። ካርዱ አሁንም እኔ ጋ አለ። አንድ ቀን አወጣዋለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ግሩፑ ውስጥ ላለመጣላት ብዬ ለራሷ ደወልኩላት። ምን ያስፈልግሻል አልኳት። «ኧረ ምንም ጋሼ፣ ምን ጎሎኝ!» አለች። ይሄ መልስ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ምን ያስፈልግሻል ተብሎ የተጠየቀ ዘመድ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። ሥራ የምትጀምሪው መቼ ነው? ደመወዝ የሚከፈለው መቼ ነው? የደመወዝ ዝርዝሩ፣ ፔሮሉ፣ የሚዘጋውስ? የተመረቀችው በአካውንቲንግ ነውና እዚህ ላይ ምላሷ ተፈታ።

ሥራ የምትጀምረው ወር በገባ በ18 ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ወሩ ሲያልቅ በ30 ነው። ፔሮሉ ግን በ15 ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የመጣ ሠራተኛ ስሙ የሚገባው በሚቀጥለው ወር ዝርዝር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ደመወዟን የምታየው በቀጣዩ ወር በ30 ነው። ቁጠሩት፤ 42 ቀን ይመጣል። ያኔ የተጠራቀመው አንድ ላይ ይገባላታል፤ እስከዚያው ግን ባዶ ኪስ ነው።

እዚህ ላይ ነው የምወደው ተረት የሚመጣው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰው ይሄን ተረት ለሕልመኛ ነው የሚተርተው። እኔ ግን የፈጠረው ሰው አዲስ ተቀጣሪ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ላሟ የለችም አላለም እኮ! አለች። የቅጥር ደብዳቤ አላት፣ ማኅተም አላት። ችግሩ ወተቷ በ30 ነው የሚታለበው። አከራይ ደግሞ ማኅተም አይጠጣም።

አከራይዋ በ18 ቁልፍ ሲሰጡ የአንድ ወር ኪራይና የአንድ ወር ማስያዣ ይቀበላሉ። ከ30 ቀን በኋላ የሁለተኛው ወር ኪራይ ይደርሳል። ደመወዝ ገና 12 ቀን ይቀረዋል። አያችሁ? ላሟ አንድ ጊዜ ሳትታለብ ሦስት የቤት ኪራይ ወጣ። ምሳና ትራንስፖርት አልቆጠርኩም። ፍራሽም አልቆጠርኩም።

ይሄን ሁሉ ግሩፑ ውስጥ ጻፍኩ። የሰዓቱ መዋጮ በጥሬው ይሰጣት፣ ግማሹ ስትሄድ፣ ግማሹ ደግሞ የሁለተኛው ኪራይ ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት አልኩ። አንድ ላይ አይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። በምርቃት ሰሞን የተሰጠ ገንዘብ በምርቃት ሰሞን ያልቃል፤ ጫማው አለ፣ ፎቶው አለ፣ ጓደኛ ይጋበዛል። ቀኑም አስቀድሞ ይነገራት አልኩ። «ሲቸግርሽ ንገሪን» ካልናት አትነግረንም። እኔም ተቸግሬ አልተናገርኩም። የተቸገረ ልጅ ስልኩን ያሳጥራል፣ ሳይጠየቅ «በልቻለሁ» ይላል። እኛም ደህና ነው ብለን እንዘጋለን።

መልስ መጣ። «ገንዘብማ ስጦታ አይደለም።» ሌላው ደግሞ «ገንዘብ ያልቃል፣ ሰዓት ግን ማስታወሻ ነው» አለ። አዎ፣ ያልቃል! ገንዘብ እንዲያልቅ ነው የሚሰጠው! ያላለቀው የኔ ቦርሳ ነው፤ ይኸው ቁም ሳጥን ላይ ማስታወሻ ሆኖ አቧራ ይጠጣል። ሰው ማስታወሻ ስለሌለው ከቤት ሲባረር አላየሁም። በኪራይ ግን አይቻለሁ። ይሄንንም ጻፍኩ፤ ከዚያ አጠፋሁት። አጎቴ ግሩፑ ውስጥ አሉ።

በመጨረሻ የሰዓቱን ድርሻዬን ከፈልኩ። ምን ላድርግ። ለልጅቷ ደግሞ ለብቻዬ ደወልኩና ለሁለተኛው ወር ኪራይ በ15 የምችለውን እንደምልክ ነገርኳት። ሙሉውን አይሸፍንም፤ ቀኑን ግን ታውቃለች። ዝም አለች። ቆይታ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?» አለችኝ። ይኸው ተናገረች ብዬ ደስ አለኝ።

«ሰዓቱን አንተ ጋ ላስቀምጠው?»

ዛሬ ጠዋት መጣ። በበሩ የገባው በጎን ነው። ባትሪ የለውም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው። አክስቴ ከላይ ታየኛለች። አሁን ስልክ እየደወለች ያለችውም እሷ ናት፤ ሰዓቱ ደረሳት ወይ ልትለኝ ነው መሰለኝ።