«አፍ መክፈትና መዝጋት ብቻ እኮ ነው» ለሚሉኝ ሁሉ

ዛሬም ያው ጥያቄ ቀረበልኝ፦ «አንዲት ዓረፍተ ነገር እኮ ናት፤ አፍ መክፈትና መዝጋት ይህን ያህል ምን ይፈጃል?» ጥያቄው ከጠላት ቢመጣ ባልከፋኝ ነበር። የመጣው ግን ሥራውን ካዘዘኝና ዘወትር በአክብሮት ከሚያነጋግረኝ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለእርሱም፣ እንደ እርሱ ለሚያስቡም ሁሉ ሊፕ ሲንክ የሚባለው፣ በአኒሜሽን የተሣለን ገጸ ባሕርይ አፍ ከተቀረጸ ድምፅ ጋር የማግጠም ሥራ፣ ምን እንደሚያስለፋኝ በዝርዝር ልናገር።

ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት፦ «አበባው እዚህ ነበር እኮ!» አንዲት ትንሽ ልጅ ግቢ ገብታ፣ ትናንት ያየችውን አበባ አጥታ የምትናገረው ነው። ቀረጻው አንድ ሰከንድ ከሲሶ ገደማ ይረዝማል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ተከታታይ ምስል፣ ስለምንሠራ 34 ፍሬም ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሦስት «በ» ይታያሉ፦ ሁለቱ «አበባው» ውስጥ፣ አንዱ «ነበር» ውስጥ። በየትም የሚገኘው የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዥ ለ«መ»፣ ለ«በ» እና ለ«ፐ» አንድ የተዘጋ አፍ ይመድባል። እንግዲያው ሦስቱም ቦታ ላይ ከንፈሯን ዝጋና ሂድ ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ሳጫውተው ልጅቷ የምትናገር ሳይሆን ማስቲካ የምታኝክ መሰለች።

ጥፋቱ ፊደሉን ማንበቤ ላይ ነው። ፊደላችን ድምፁ ይጥበቅ ይላላ አይነግረንም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ «አለ» የተናገረው ይሁን ያለው ነገር፣ የሚለየው አንባቢው በልቡ በሚያውቀው ጥብቀት ብቻ ነው። ለአንባቢ ይህ ችግር አይደለም፤ አፍ ለሚስል ሰው ግን ሁሉ ነገር ነው። «ነበር» ሲባል «በ» ይጠብቃል፤ ከንፈሮች ግጥም ብለው ተዘግተው ይቆያሉ፣ ከዚያ ይለቀቃሉ። «አበባው» ውስጥ ያሉት ሁለቱ ግን ይላላሉ፤ በፍጥነት በሚነገር አማርኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባ ላላ «በ» ከንፈሮችን ያቀራርባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ አያገናኝም። የሚጠራጠር ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ሁለቱን ቃላት ሳያጋንን፣ እንደ ወትሮው ይበላቸው።

በሁለተኛው ቀን ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ እየደጋገምሁ፣ የድምፁን ሞገድ አጉልቼ እያየሁ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። «አበባው» ከ1ኛው እስከ 12ኛው ፍሬም ይዘልቃል። መጀመሪያ ለ«አ» ሰፋ ያለ አፍ አስቀመጥሁ፤ ለሁለቱ ላላ «በ»ዎች ደግሞ ጥርስ ሳይታይ ከንፈሮቹ የተቀራረቡበትን፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ጨለማ የቀረለትን ቅርጽ አዲስ ሣልሁላቸው፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ስላልነበረ። መጨረሻ ላይ ያለው «ው» ከንፈርን ያሾላል፤ ይህም መሾል «ባ» ሳያልቅ ይጀምራል፣ ምክንያቱም አፋችን ቀጣዩን ድምፅ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል። «ባ»ን እስከ ጫፉ ክፍት አድርጌ «ው»ን በድንገት ባመጣ ኖሮ አፉ ይዘል ነበር። «እዚህ» ቀላል ነው፤ ጥርሶች ይቀራረባሉ፣ ከንፈር ብዙም አይንቀሳቀስም፣ እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም።

«ነበር» በ20ኛው ፍሬም ይጀምራል። ሞገዱ ላይ ከ23 እስከ 25 ድረስ የሚሟሽሽ ሥፍራ አለ፤ ልጅቷ «በ»ን አጥብቃ የያዘችበት ነው፤ ድምፁ ፈንድቶ የሚወጣው በ26ኛው ነው። እነዚህ ሦስት ፍሬሞች የዚህች ዓረፍተ ነገር ልብ ናቸው። የተዘጋ አፍ በአንድ ፍሬም ብቻ፣ ማለትም በ40 ሚሊ ሰከንድ ቢያልፍ ዓይን አይይዘውም፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልገዋል። ቦታ ባጣ ከፊቱ ካለው አናባቢ ፍሬም እሰርቃለሁ እንጂ መዘጋቱን አላሳጥርም፤ ተመልካች ትንሽ ያጠረ «ነ»ን ይምራል፣ ከንፈር ሳይገጥም የተሰማውን ጥብቅ «በ» ግን አይምርም። ምን እንዳስከፋው ስም ባይሰጠውም «አልገጠመም» ይላል።

ከዚህ በኋላ የአፉ ሥዕሎች ለብቻቸው የተደረደሩበትን ንብርብር ሁሉ አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ሳብሁት፣ ቅርጹ ከድምፁ ትንሽ እንዲቀድም። ይህ የግል ጣዕም አይደለም። በተፈጥሮ ከንፈር ተዘጋጅቶ ነው ድምፅ የሚወጣው፤ ድምፅም ከብርሃን ዘግይቶ ይደርሳልና ጆሯችን መዘግየቱን ለምዶታል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢቲ 1359 በተባለው ምክረ ሐሳቡ እንዳስቀመጠው፣ ተመልካች ድምፅ ከምስል 45 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቀድም ያስተውላል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ገደማ ሳያስተውል ይታገሣል።

«ለምን ፕሮግራሙ ራሱ አያደርገውም?» የሚለውም ጥያቄ አይቀርልኝም። በነጻ የሚገኘውና እኔም የምወደው `rhubarb` የተባለው መሣሪያ ድምፁን አዳምጦ የአፍ ቅርጾችን በጊዜ ይደረድራል፤ ነገር ግን ሲጀመር የሚያውቀው እንግሊዝኛን ነው። ለሌላ ቋንቋ እንዲህ ተብሎ ይታዘዛል፦

```
rhubarb -r phonetic -o out.tsv voice.wav
```

ለመነሻ ይጠቅመኛል፣ እጠቀምበታለሁም። ሆኖም ለ«መ»፣ ለ«በ» እና ለ«ፐ» ያለው የተዘጋ ቅርጽ አንድ ነው፤ ላላውን «በ» ከጥብቁ የሚለየው፣ የተቀራረበውን ከንፈር የሚስለው ሰው ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ብሶቴ ልምጣ። ይህን ሁሉ ጨርሼ ካስረከብሁ በኋላ ምስልና ድምፅ ማጠናቀሪያ ላይ የተቀመጠው ባልደረባችን ድምፁ ከእርምጃዋ ጋር ይስማማል ብሎ በ3 ፍሬም አስቀደመው። እኔ ምስሉን በአንድ አስቀድሜው ነበር፤ አሁን ድምፁ በሁለት ፍሬም፣ ማለትም በ80 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል፤ ጆሮ በማይታገሠው አቅጣጫ፣ ከሚታገሠው በላይ። ተመልሶ የመጣልኝ አስተያየት «ሊፕ ሲንኩ ልክ አይደለም፣ አስተካክለው» የሚል ነው። ባልደረባዬ ክፋት የለውም፤ ስለ እርምጃዋም እውነቱን ነው። ነገር ግን ድምፅ ሲነካ የአፉም ንብርብር አብሮ መሳብ አለበት፤ ሁለቱን በአንድነት መርጦ መሳብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ወይም ደውሎ ይንገረኝ። በስልክ አንድ ቃል ቢነግረኝ አንድ ሌሊት ያተርፍልኝ ነበር።

ይህን እያረምሁ ሳለሁ ደግሞ ማምሻውን አዲስ ቀረጻ ተላከልኝ። የቀድሞው «ስሜት ይጎድለዋል» ተብሎ ተዋናይዋ ደግማዋለች፤ እውነትም ይበልጣል፣ ሳዳምጠው ልጅቷ አሳዘነችኝ። «አበባው»ን ቶሎ ብላ «ነበር»ን ይዛዋለች፤ መዘጋቱ 3 ሳይሆን 5 ፍሬም ሆኗል፣ «እኮ» ደግሞ በትንፋሽ ያልቃል። ስለዚህ ከድሮው አንድም ፍሬም አይተርፍም። «ድምፁን ብቻ ተካው» የሚል መልእክት አብሮ መጥቷል። እኔ ግን የድሮውን ንብርብር አጥፍቼ፣ አዲሱን ሞገድ አጉልቼ፣ ከንፈሯ የሚገጥምበትን ቦታ እያዳመጥሁ ነው፤ ነገ ከቀትር በፊት አይደርስም።