አዝማቹ እንዲፈነዳ ዶን ደብቁት

«ጋሼ፣ አዝማቹ ላይ ያለኝን መሣሪያ ሁሉ አስገባለሁ፣ ሰው ግን አይነሳም። ምን ጎደለው?»

ጠያቂው ኮምቦልቻ የሚኖር ወጣት ድምፃዊ ነው። ዘፈኑን ስልኩ ላይ ቀድቶ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ድረስ መጣልኝ። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ጥግ ይዘን፣ የኢርፎኑን አንዱን እሱ ሌላውን እኔ ጆሮ ላይ ሰክተን፣ ሦስት ጊዜ ደጋግመን ሰማነው። ዜማው ያምራል። ድምፁም አይታማም። የጎደለው ጥበቃ ነው፤ አድማጩ አዝማቹን ገና ሳይናፍቀው አዝማቹ ይመጣበታል።

ነገሩን በዝርዝር ላሳያችሁ። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ቨርሱ አራት ስንኝ አለው፣ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሁለት ባር ይወስዳል፣ አራቱም ስንኞች የሚያርፉት ደግሞ ዶ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያው አዝማቹ ይገባል። አዝማቹ የሚጀምረው የት ነው? ላይኛው ዶ ላይ! ዶ የቅኝቱ ቤት ነው። አድማጩ በቨርሱ ብቻ አራት ጊዜ ቤቱ ገብቶ ተቀምጧል፣ አምስተኛ ጊዜ ግባ ቢሉት ምን አዲስ ነገር አለው?

አዝማች ደከም ሲል እኛ ዘንድ የሚደረገው የታወቀ ነው። የድራሙ ኪክ ይወፍራል፣ ብራስ ይጨመራል፣ የኪቦርዱ ስትሪንግ እስከ ጥግ ይከፈታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጆሮ ጩኸትን ቶሎ ይለምዳል። ከሁለት ባር በኋላ ያ ሁሉ መሣሪያ ገብቶም ልጁ የሚለው «ሰው አይነሳም» ያው ሆኖ ይቀጥላል። መሥራት ያለብን አዝማቹን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለችውን ትንሽ ቦታ ነው፣ ፕሪ ኮረስ የምንላትን።

እናም በቨርሱና በአዝማቹ መሀል አራት ባር ከፈትን። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 96 ምት ነው፣ በአራት ምት ሲቆጠር አንድ ባር 2.5 ሰከንድ ይሆናል፣ አራቱ 10 ሰከንድ። በእነዚያ 10 ሰከንዶች ልጁ ዶን እንዳይነካ ከለከልኩት። ላይኛውንም ታችኛውንም። ዜማው ከሬ ይነሳል፣ በሚ አድርጎ ወደ ሶል ይወጣል፣ ላን ነካ ያደርግና ተመልሶ ሶል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቤዙም እንዲሁ፤ ቨርሱ ላይ ዶን ሲረግጥ የቆየው ቤዝ እዚህ ሶልን ይዞ አይንቀሳቀስም።

ከዜማው ቀጥሎ ስንኙን አሳጠርነው። ቨርሱ ላይ ሁለት ባር የሚወስደው ስንኝ እዚህ አንድ ባር ብቻ ይወስዳል። አራተኛው ባር ላይ ደግሞ ስንኙ ግማሽ ላይ ያልቅና የቀረው ግማሽ ባር ባዶ ይሆናል፤ ድራሙም ቤዙም ዝም። ፍጥነቱ ያው 96 ነው፣ ምንም አልጨመርንም፣ ግን ሐረጉ ሲያጥር ዘፈኑ የሚጣደፍ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት መሬቱ ከእግር ስር ይጠፋል።

ሦስተኛው ነገር ግጥሙ ነው፣ እኔ በጣም የምወደውም ይህንን ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ ለዘፈን ሠሪ ትልቅ ሀብት ነው፣ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንጠቀምበትም። ልጁ ከአዝማቹ በፊት ያለውን ስንኝ «ናፍቄሻለሁ» ብሎ ዘግቶት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አለቀ፣ ልብም አብሮ አረፈ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ቀየርነው፦

ጦሳን ጉም ሲያለብሰው፣
መንገዱ ሲጠፋኝ፣
ስጣራ ስጣራ፣
ማንም ሳይሰማኝ…

ሲያለብሰው ምን ሆነ? ሲጠፋኝ ምን አደረክ? አንዱም አልተዘጋም። አራቱም ስንኞች አንድ ግስ እየጠበቁ ነው። ያ ግስ የአዝማቹ የመጀመሪያ ቃል ነው፦ «መጣሽ!» እሱም ላይኛው ዶ ላይ፣ በመጀመሪያው ምት፣ ቤዙም ወደ ዶ ከሚመለስበት ቅጽበት ጋር እኩል ይወድቃል። ዜማው፣ ቤዙና ሰዋስዉ አብረው ቤት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ኪኩን ማወፈር ከፈለግህ አወፍረው፣ ያኔ ቦታው ነው።

ቅኝቱ ሌላ ቢሆን የሚንጠለጠለው ድምፅ ይለያል። ትዝታ ሜጀር በየትኛውም ጎኑ ለዶ በግማሽ ድምፅ የሚቀርብ ድምፅ ስለሌለው ጉጉቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ለዚህ ነው ሶልን ይዘን በርከት ላለ ጊዜ የቆየነው። አምባሰል ግን ሁለተኛው ድምፁ ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለ ነው። እሱ ላይ ተንጠልጥለህ ዝም ብትል ሰው ራሱ ወደ ታች ሊጎትትህ ይፈልጋል። ባቲ ሜጀር ደግሞ በተቃራኒው ከዶ በታች በግማሽ ድምፅ ሲ አለው፤ ከእሱ ወደ ዶ መውጣት እንደ መንጠር ነው። የሁለቱም ስም ከወሎ መሬት የተነሳ ነው፣ የእኛ ሰፈር ዘፋኝ ይህን ጉልበት ትቶ የሌላ አገር ኮርድ ሲፈልግ ሳይ ይቆጨኛል።

ሲበላሽ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም አሉ። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ኪቦርድ የሚመታው ጓደኛው ሶልን ይዞ መቆየቱ ጭንቅ ሆነበት መሰለኝ፣ ሦስተኛው ባር ላይ በግራ እጁ ዶን ነካት። አንዲት ኖታ ናት። ግን ያ ሁሉ ጥበቃ በእሷ በኩል ፈሰሰ፣ አዝማቹ ሲመጣ እንደ ድሮው ሆነ። ልጁ ራሱ «አሁን ምን ሆነ?» ብሎ ቆመ። ሌላው አደጋ ከፍታ ነው። ፕሪ ኮረሱ ላይ ድምፃዊው ስሜት ይዞት ከላይኛው ዶ አልፎ ከወጣ አዝማቹ ወደ ታች የሚወርድ ይሆናል። ላ ላይ ነክቶ መመለሱ ለዚህ ነው። ርዝመትም እንዲሁ። ስምንት ባር እናድርገው ብሎኝ ነበር፤ 20 ሰከንድ ማለት ነው፣ በዚህ ፍጥነት ሰው መጠበቁን ይተውና ሌላ ቨርስ የተጀመረ ይመስለዋል።

ሁሉም ዘፈን ይህ ያስፈልገዋል አልልም። በማሲንቆ የሚባል ቀስ ያለ ትዝታ፣ አንድ ዜማ እየተመላለሰ ግጥሙ የሚቀያየርበት፣ ፕሪ ኮረስ ቢገባበት ይቆረጣል እንጂ አያድግም። እዚያ ጥበቃው ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው።

ሠርቶ እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው። መሣሪያውን በሙሉ ዝጋ፣ በባዶ ድምፅ ዝፈነው፣ ባዶው ግማሽ ባር ላይ ስትደርስ እዚያው አቁም። ከዚያ የሰውን ፊት እይ። እኛም ሻይ ቤቱ ውስጥ ሞከርነው። ልጁ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማንም ሳይሰማኝ» አለና ቆመ። ሻይ የምትቀዳዋ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር። ብርጭቆውን እንደያዘች ዞራ አየችን።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።